ያው ዲግሪ፣ የተራራቀ ደመወዝ

በአሜሪካ ከ1990 እና ከ2000 የሕዝብ ቆጠራዎች የተወሰዱ መረጃዎችን የመረመሩ ሦስት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች አንድ የተለመደ ጥያቄ አነሡ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። አንድ ዓመት ተጨማሪ ትምህርት ከስንት በመቶ የደመወዝ ጭማሪ ጋር አብሮ ይገኛል? በተለመደው የአማካይ ስሌት ለ1990 የተገኘው መልስ 11.4 በመቶ ገደማ ነበር። ለ2000ም ያው 11.4 ሆነ። ይህን ቁጥር ብቻ የሚያይ ሰው በአሥር ዓመት ውስጥ በትምህርትና በደመወዝ ግንኙነት ላይ ምንም የተለወጠ ነገር የለም ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም።

ተመራማሪዎቹ ጆሹዋ አንግሪስት፣ ቪክቶር ቸርኖዙኮቭና ኢቫን ፈርናንዴዝ-ቫል ግን በዚያ አልቆሙም። ያንኑ መረጃ ኳንታይል ሪግሬሽን በሚባለው ዘዴ ሲመረምሩት፣ ከማይነቃነቀው አማካይ ሥር ሁለት ተቃራኒ ለውጦች ነበሩ። እኩል ከተማሩ ሰዎች መካከል ዝቅተኛ ደመወዝ ባላቸው ዘንድ የትምህርት ዋጋ ወርዷል፤ ከፍተኛ ደመወዝ ባላቸው ዘንድ ደግሞ ወጥቷል። የወረደውና የወጣው ስለተጣፉ አማካዩ ባለበት ቀረ። ግኝታቸው በ2006 ኢኮኖሜትሪካ በተባለው መጽሔት ታተመ። ይህ ጽሑፍ ዘዴው ያንን ለውጥ እንዴት እንዳወጣው፣ ውጤቱ ምን እንደሚልና ምን እንደማይል ያስረዳል።

ከአማካይ ወደ ሰልፍ

የተለመደው ሪግሬሽን የሚሠራው እንዲህ ነው። ሰዎችን በተማሩበት ዓመት ብዛት ይመድባል፤ የእያንዳንዱን ምድብ አማካይ ደመወዝ ይመለከታል፤ ከዚያም በእነዚያ አማካዮች አጠገብ የሚያልፍ አንድ መስመር ያሰምራል። የመስመሩ ዳገት አንድ የትምህርት ዓመት ሲጨመር አማካይ ደመወዝ ምን ያህል ከፍ እንደሚል ይነግረናል። በየምድቡ ውስጥ ግን እኩል የተማሩ ሰዎች እኩል አይከፈላቸውም። ሁሉም አሥራ ስድስት ዓመት ተምረው አንዱ ቤት ኪራይ ለመክፈል ሲቸገር ሌላው ቤት ይገዛል። አማካዩ ይህን መራራቅ ደፍጥጦ አንድ ቁጥር ያደርገዋል።

ኳንታይል ሪግሬሽን የሚነሣው ከዚህ መራራቅ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት የተማሩትን ሁሉ ከዝቅተኛ ደመወዝ ወደ ከፍተኛ በተርታ አሰልፈን እናስብ። በሰልፉ መሀል የቆመው ሰው ደመወዝ ሚዲያን ይባላል፤ ግማሹ ሰው ከእሱ በታች፣ ግማሹ ከእሱ በላይ ነው። ከመቶው ዘጠናው ከኋላው፣ አሥሩ ብቻ ከፊቱ የሆነበት ሰው ደግሞ 90ኛው ፐርሰንታይል ላይ ቆሟል። እንዲህ ያለ ሰልፍ አሥራ ሦስት ዓመት ለተማሩት፣ አሥራ አራት ለተማሩት፣ እስከ መጨረሻው ለእያንዳንዱ የትምህርት ደረጃ ይኖረናል። የየሰልፉን መሀል የሚያያይዘው መስመር አንድ ነው፤ የየሰልፉን 90ኛ የሚያያይዘው ሌላ፤ 10ኛውን የሚያያይዘው ደግሞ ሌላ። ሦስቱ መስመሮች እኩል ዳገት ካላቸው ትምህርት ሁሉንም በእኩል መጠን ከፍ ያደርጋል ማለት ነው። የላይኛው ከመሀሉ ይልቅ ቀጥ ካለ ግን፣ ትምህርት በጨመረ ቁጥር በመሀልና በላይኛው ደመወዝ መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል።

ስሌቱ በአምስት ሠራተኞች

ኮምፒውተሩ እነዚህን መስመሮች የሚያገኘው በየደረጃው ሰው እያሰለፈ አይደለም። የሥራ ልምድንና ሌሎች ነገሮችንም አብሮ ማስላት ስላለበት፣ ሰልፍ ሳይሠራ ሰልፉ የሚሰጠውን መልስ የሚያገኝበት ብልሃት ያስፈልገዋል። ብልሃቱን በትንሽ ምሳሌ ማየት ይቻላል። አምስት ሠራተኞች በሳምንት 200፣ 300፣ 400፣ 600 እና 1,500 ዶላር ያገኛሉ እንበል። አማካዩ 600 ነው፤ ሚዲያኑ 400።

አሁን አንድ ቁጥር እንምረጥና እያንዳንዱ ሠራተኛ ከዚያ ቁጥር ምን ያህል እንደሚርቅ እንደምር። 400ን ብንመርጥ ርቀቶቹ 200፣ 100፣ 0፣ 200 እና 1,100 ይሆናሉ፤ ድምሩ 1,600። 600ን ብንመርጥ ድምሩ 1,800 ይሆናል። የትኛውንም ቁጥር ብንሞክር ከ1,600 ያነሰ ድምር አናገኝም። ስለዚህ የርቀቶችን ድምር ትንሹ የሚያደርገው ቁጥር ሚዲያኑ ራሱ ነው።

ወደ ላይኛው ደመወዝ ለመሄድ የሚያስፈልገው አንድ ማስተካከያ ብቻ ነው፤ ከመረጥነው ቁጥር በላይ ላሉት ሰዎች ርቀት የበለጠ ክብደት መስጠት። 75ኛውን ፐርሰንታይል ለማግኘት ከላይ ያለውን ርቀት በሦስት እናባዛለን፤ ከታች ያለውን እንዳለ እንተወዋለን። በዚህ ሚዛን 400ን ብንመርጥ ድምሩ 4,200 ይሆናል። 600ን ስንመርጥ ከላይ ያለው የአንዱ ሰው 900 ዶላር በሦስት ተባዝቶ 2,700፣ ከታች ያሉት የሦስቱ ሰዎች ርቀት 900፣ በጠቅላላው 3,600 ነው። 1,500ን ብንመርጥ 4,500። ትንሹ 600 ላይ ተገኘ፤ ያም በሰልፉ ከታች አራተኛው ሰው ነው። ለ90ኛው ፐርሰንታይል ክብደቱ ዘጠኝ ለአንድ ይሆናል። ኳንታይል ሪግሬሽን በአንድ ቁጥር ፈንታ መስመር ያስቀምጥና ይህንኑ የተመዘነ ድምር ትንሹ የሚያደርገውን መስመር ይፈልጋል።

ርቀትን በዚህ መንገድ ደምሮ መስመር የመፈለግ ሐሳብ ረጅም ዕድሜ አለው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሩጄር ቦስኮቪች የምድርን ቅርጽ ከልኬቶች ለማውጣት ተጠቅሞበታል። ከሚዲያን አልፎ ለየትኛውም የሰልፍ ቦታ መስመር ማስመር የሚቻልበትን ዘዴ ግን ሮጀር ኮንከርና ጊልበርት ባሴት በ1978 አቀረቡ።

ከምሳሌያችን አንድ ተጨማሪ ነገር እንውሰድ። የአምስተኛው ሠራተኛ ደመወዝ ከ1,500 ወደ 15,000 ዶላር ቢዘል አማካዩ ከ600 ወደ 3,300 ይወነጨፋል። ሚዲያኑ 400፣ 75ኛው ፐርሰንታይልም 600 እንደሆኑ ይቀራሉ። ዘዴው የሚጠይቀው ሰውዬው ከመስመሩ በላይ ነው ወይስ በታች የሚለውን እንጂ ከላይ ሆኖ ምን ያህል እንደራቀ አይደለም። ይህ ጠባይ ወደ በኋላ ይጠቅመናል።

ሦስት ቆጠራዎች ምን አሳዩ

ሦስቱ ተመራማሪዎች የወሰዱት በአሜሪካ የተወለዱ፣ ከ40 እስከ 49 ዓመት የሆኑ ጥቁርና ነጭ ወንዶችን ነው። ለ1980 ከ65 ሺህ በላይ፣ ለ2000 ከ97 ሺህ በላይ ሰዎች ነበሯቸው። ስሌቱ ዘርንና የሥራ ልምድን አብሮ ያስገባል። አንድ የትምህርት ዓመት ከሳምንታዊ ደመወዝ ጋር ያለው ግንኙነት በግምታዊ በመቶኛ ሲገለጽ ይህን ይመስላል።

| ቆጠራ | አማካይ | 10ኛ | ሚዲያን | 90ኛ |
|---|---|---|---|---|
| 1980 | 7.2 | 7.4 | 6.8 | 7.9 |
| 1990 | 11.4 | 11.2 | 10.6 | 13.7 |
| 2000 | 11.4 | 9.2 | 11.1 | 15.7 |

በ1980 አራቱ ቁጥሮች የተቀራረቡ ናቸው። በሰልፉ ታችም፣ መሀልም፣ ላይም የትምህርት ዋጋ ሰባት በመቶ አካባቢ ነው፤ አማካዩም ስለ ሁሉም ቢናገር ብዙ አይሳሳትም። በ1990 ሁሉም አብረው ወጡ፤ የላይኛው ግን ቀደም አለ። በ2000 አማካዩ ንቅንቅ ሳይል 10ኛው ሁለት ነጥብ ወረደ፣ 90ኛው ሁለት ነጥብ ወጣ። በሚዲያኑና በላይኛው መስመር መካከል የነበረው የአንድ ነጥብ ያህል ልዩነት በሃያ ዓመት ውስጥ ከአራት ነጥብ ተኩል በላይ ሆነ። ናሙናው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር በመሆኑ ይህ በአጋጣሚ የመጣ ልዩነት ነው ማለት አይቻልም።

ቁጥሮቹ በገንዘብ ሲተረጎሙ የበለጠ ይገባሉ። ሁለተኛ ደረጃን ጨርሰው፣ ማለትም አሥራ ሁለት ዓመት ተምረው ካቆሙት መካከል የሚዲያኑ ሰው በሳምንት 500 ዶላር፣ 90ኛው ላይ ያለው 1,000 ዶላር ያገኛል ብለን እንነሣ። መነሻዎቹን እኔ ያስቀመጥኋቸው ናቸው፤ እድገቱን የምወስደው ከሠንጠረዡ ነው። የሠንጠረዡ ቁጥሮች የሎጋሪዝም ልኬት ስለሆኑ፣ አራት ዓመት ሲደመር በእውነተኛው በመቶኛ ትንሽ ከፍ ይላሉ። በ1980 ስሌት አሥራ ስድስት ዓመት በተማሩት ሰልፍ ውስጥ ሚዲያኑ 656 ዶላር፣ 90ኛው 1,372 ዶላር ይሆናል። በ2000 ስሌት ሚዲያኑ 780 ሲደርስ 90ኛው 1,874 ይገባል።

አሁን በየሰልፉ ውስጥ ያለውን ርቀት እንይ። አሥራ ሁለት ዓመት በተማሩት መካከል የላይኛው ሰው የመሀሉን ሁለት እጥፍ ያገኝ ነበር። በ1980 ስሌት ባለዲግሪዎቹም ዘንድ ርቀቱ ከዚያ ብዙ አልተለየም፤ 2.09 እጥፍ ነው። በ2000 ግን 2.4 እጥፍ ሆነ። እንግዲህ ዲግሪ የመሀሉንም የላይኛውንም ከፍ አድርጓል። ነገር ግን ባለዲግሪዎቹን እርስ በርስ አራርቋቸዋል። ትምህርት በድሃና በሀብታም መካከል ያለውን ልዩነት ያጠባል የሚለው የተለመደ ተስፋ፣ በዚያ ዘመን በነበረው የአሜሪካ የሥራ ገበያ ብዙ በተማሩት ሰዎች መካከል በተቃራኒው ሄዷል።

ምክንያቱን ሠንጠረዡ አይነግረንም። ያው አሥራ ስድስት ዓመት የተለያየ የትምህርት ዘርፍ፣ የተለያየ ጥራት ያለው ኮሌጅና የተለያየ ሙያ በውስጡ ይይዛል። ኮምፒውተር በቢሮው በተስፋፋበት ዘመን አንዳንዱ የተማረው ነገር ዋጋው ሲንር የሌላው ባለበት ሊቆም ይችላል። እነዚህ ሁሉ በዓመት ቆጠራ ውስጥ የማይታዩ በመሆናቸው በሰልፉ ውስጥ መራራቅ ሆነው ይወጣሉ። ዘዴው መራራቁ የት እንዳለና ምን ያህል እንደሆነ ያሳያል፤ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ንባብ

15.7ን ያየ ሰው ወዲያው “ትምህርት ሀብታሞችን የበለጠ ይጠቅማል” ይላል። ቁጥሩ ግን ይህን አይልም። 90ኛው ላይ የቆመው ሰው ከፍተኛ ተከፋይ የሆነው በራሱ ሰልፍ ውስጥ ነው። ስምንት ዓመት ብቻ ተምሮ ከእኩዮቹ ሁሉ የላቀ ደመወዝ የሚያገኝ የጭነት መኪና ሾፌር 90ኛው መስመር አጠገብ ይገኛል፤ ሆኖም ከብዙ ባለዲግሪዎች ያነሰ ሊያገኝ ይችላል። ባለ ሁለተኛ ዲግሪ ሆኖ በሰልፉ 10ኛ ላይ የቆመ ሰው ደግሞ በአገር ደረጃ ሲታይ ድሃ ላይሆን ይችላል። ትምህርት የአገሪቱን ጠቅላላ የገቢ ሰልፍ ጫፍ እንዴት እንደሚያንቀሳቅስ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ሌላ ዓይነት ስሌት ያስፈልገዋል፤ ሰርጂዮ ፊርፖ፣ ኒኮል ፎርቲንና ቶማስ ለሚው በ2009 ለዚሁ የሚሆን ዘዴ አውጥተዋል። የሁለቱ ስሌቶች መልስ ሊራራቅ ስለሚችል አንዱን በሌላው ቦታ መጥቀስ ስሕተት ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ከዚህ ረቀቅ ይላል። የላይኛው መስመር ሁለት ሰልፎችን ያወዳድራል እንጂ አንድን ሰው ተከትሎ አይሄድም። አሥራ ሁለት ዓመት ተምሮ በሰልፉ 90ኛ ላይ የቆመ ሰው አራት ዓመት ቢጨምር፣ በባለዲግሪዎቹ ሰልፍም 90ኛውን ቦታ ይይዛል የሚል ዋስትና የለም። በንግድ ቅልጥፍናው ከጓደኞቹ የበለጠ ይሆናል፤ በመሐንዲሶች መካከል ግን መሀል ሊውል ይችላል። ቁጥሩን “ለጎበዝ ተማሪ 16 በመቶ ይጨምርለታል” ብሎ ለማንበብ ሰዎች በሁለቱም ሰልፎች ቦታቸውን ሳይለቁ እንደሚቀጥሉ ማሰብ የግድ ነው፤ ያ ደግሞ ከመረጃው ብቻ የሚረጋገጥ አይደለም።

ሦስተኛው ስሕተት በአማካዩ ስሌትም ያለ ነው። ብዙ የተማሩትና ጥቂት የተማሩት ሰዎች በትምህርት ብቻ አይለያዩም፤ ቤተሰባቸው፣ ጤናቸውና ትጋታቸውም ይለያያል። ስለዚህ ሠንጠረዡ የሚገልጸው አብሮ መገኘትን ነው፤ ትምህርት በራሱ ያመጣውን ውጤት ለይቶ አያወጣም። ያንን ለመለየት ተመራማሪዎች እኩል ያልተማሩ መንትዮችን እስከ ማወዳደር ሄደዋል።

ስሌቱ ሲበላሽ እንዴት ይታወቃል

የቆጠራ መሥሪያ ቤቶች ለሕዝብ በሚለቁት መረጃ ላይ በጣም ከፍተኛ ደመወዞችን እንደነበሩ አይጽፉም። ባለቤቱ እንዳይታወቅ ጣሪያ ያበጁና ከዚያ በላይ ያለውን ሁሉ በጣሪያው ላይ ያቆሙታል። ይህ አማካዩን ያዛባል፤ እውነተኛው ደመወዝ ስለማይታወቅ ተመራማሪው በግምት መሙላት አለበት። ከላይ ያየነው የኳንታይል ጠባይ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ የ90ኛው መስመር ከጣሪያው በታች እስካለፈ ድረስ ከጣሪያው በላይ የተደበቀው ገንዘብ ምንም ያህል ቢሆን መስመሩ አይንቀሳቀስም።

ይህ የሚሠራው ግን በእያንዳንዱ የትምህርት ደረጃ ጣሪያውን የነኩት ሰዎች ከመቶ አሥር ሲያንሱ ነው። በሐኪሞችና በጠበቆች ምድብ ከመቶ አሥራ አምስቱ ጣሪያውን ከነኩ የዚያ ምድብ 90ኛ ደመወዝ ራሱ ጣሪያው ይሆናል፤ መስመሩ በጫፉ ወደ ታች ይጎተታል፤ ለላይኛው ገቢ የተገኘው የትምህርት ዋጋም ከእውነተኛው ያንሳል። ማጣሪያው ቀላል ነው፤ ስሌቱን ከማመን በፊት በየትምህርት ደረጃው ጣሪያው ላይ የቆሙትን መቁጠር።

ሌላው ችግር የሰው ማነስ ነው። በ97 ሺህ ሰዎች መረጃ ከ90ኛው መስመር በላይ ወደ አሥር ሺህ የሚጠጉ ሰዎች አሉ። በሦስት መቶ ሰዎች ጥናት ግን ሠላሳ ብቻ ይቀራሉ፤ 99ኛውን የሚፈልግ ተመራማሪ በሦስት ሰዎች ላይ ይቆማል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጋር ሊዋዥቅበት የሚችለውን ክልል መጠየቅ ይገባል። የላይኛው ክልል የሚዲያኑን ቁጥር ጭምር የሚያቅፍ ከሆነ “የላይኞቹ የበለጠ ያገኛሉ” የሚለው መደምደሚያ ገና አልተረጋገጠም። መስመሮቹ እርስ በርስ ሲቋረጡና 90ኛው በሆነ የትምህርት ደረጃ ላይ ከ75ኛው በታች ሲወርድም ግንኙነቱ በቀጥታ መስመር የማይገለጽ መሆኑን ያመለክታል።

ማንን ይመለከታል

ሠንጠረዡ ሴቶችን አላካተተም፤ ወጣቶችንም እንደዚያው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከአሜሪካ ውጭ የተወለዱትን አላካተተም። አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ተምሮ ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር አንባቢ በ15.7ም ሆነ በ11.1 ውስጥ ራሱን መፈለግ የለበትም። አገር ቤት የተማረባቸው ዓመታት በአሠሪው ዘንድ ያን ያህል ላይቆጠሩለት ይችላሉ፤ ያም የራሱ ሰልፍና የራሱ መስመሮች የሚያስፈልጉት ጥያቄ ነው። ስሌቱን ወደ ኢትዮጵያ ማምጣት የሚሻም በቅድሚያ ደመወዝ ማን እንደሚከፈለው መጠየቅ አለበት። የገበሬ ገቢ የቤተሰቡ የጋራ ልፋት ውጤት ነውና ለአንድ ሰው የትምህርት ዓመት መስጠት ያስቸግራል፤ ደመወዝተኞችን ብቻ መውሰድ ደግሞ ሰልፉን ከመነሻው ያሳጥረዋል።

እንዲህም ሆኖ ይህ ጥናት ለወላጅም፣ ለተማሪም፣ ለትምህርት ፖሊሲ አውጪም የሚናገረው ነገር አለው። ተማሪ ኮሌጅ ሲገባ የሚገዛው አማካዩን አይደለም። የሚገባው ስፋት ወዳለው ሰልፍ ነው፤ በ2000 ስሌት ያ ሰልፍ አሥራ ሁለት ዓመት ተምረው ካቆሙት ይልቅ በጣም የሰፋ ነበር። ለፖሊሲ አውጪ ደግሞ ብዙ ሰው እንዲማር ማድረግ የመሀሉን ደመወዝ ከፍ እያደረገ በተማሩት መካከል ያለውን ርቀትም ሊያሰፋ እንደሚችል ያሳየዋል፤ እኩልነትን የሚሻ መንግሥት ያንን ሥራ ለትምህርት ቤት ብቻ ጥሎ መቀመጥ አይችልም። ከእንግዲህ “ዲግሪ ገቢን ይህን ያህል በመቶ ያሳድጋል” የሚል ዜና ስንሰማ ቁጥሩ የሰልፉ የየትኛው ቦታ እንደሆነ እንጠይቅ። መልሱ “የአማካዩ” ከሆነ፣ የመሀሉንና የሁለቱን ጫፎች ቁጥር ለይተው እንዲነግሩን መጠየቅ መብታችን ነው፤ መረጃው በእጃቸው ካለ ስሌቱ አይከብዳቸውም።